ዓርብ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፦ የሰሜን ሸዋ ሩቅ ትምህርት ቤቶች መምህር ለምን አይበረክትላቸውም?

አንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ይጎድለው እንደሆነ ለማወቅ ስፈልግ የመምህራኑን ስም ዝርዝር አልጠይቅም። ዓርብ ከሰዓት ብቅ እላለሁ። ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በየክፍሉ በር ቀስ ብዬ አልፋለሁ። መምህር ያለበትን ክፍል እቆጥራለሁ። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ደግሞ ያንኑ እደግማለሁ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሪፖርት አያስፈልገኝም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ሳደርግ በመዝገብ 14 መምህራን ካሉት ትምህርት ቤት ያገኘሁት 5 ብቻ ነበር። የቀሩት ሰነፎች አልነበሩም። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፣ ጎበዝ አስተማሪዎች ናቸው። ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካልተነሱ ዳገቱን ወጥተው ወደ ወረዳው ከተማ የምትሄደውን አይሱዙ አይደርሱባትም። እሷ ካመለጠቻቸው ሚስትና ልጆቻቸውን የሚያዩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ስለ መምህር እጥረት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ባዶው የሥራ መደብ ነው። የሒሳብ መምህር የለም፣ የእንግሊዝኛ መምህር የለም ይባላል። እሱ እውነት ነው። ግን ከሱ የሚብሰው በወረቀት ያለው፣ በክፍል የሌለው መምህር ነው። ወረዳው ሲቆጥር መደቡ ተሞልቷል። ስለዚህ ተተኪ አይልክም። ልጁ ግን ከሳምንቱ አምስት ቀን ሁለቱን ግማሽ ግማሽ ያጣል። ዓመቱን ሙሉ ሲደመር የስንት ወር ትምህርት እንደሆነ አስቡት።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔም ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ሥር ባለች ቆላ ቀበሌ አስተምሬአለሁ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን ይዤ ዳገቱን የወጣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራውም፤ ዛሬም እዚያ የሚለፉ ሰዎች አሉ።

ሰሜን ሸዋ በካርታ ላይ ቅርብ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። አስፋልቱ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ዳር ያለ ትምህርት ቤት መምህር አያጣም። ችግሩ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነው። የመንዝ ጫፎች፣ ግሼ ራቤል፣ ሚዳ ወረሞ፣ የመርሐ ቤቴ ቆላዎች፣ ወደ ከሰም የሚወርደው አገር፣ በረኸት። እዚህ ሩቅ ማለት የኪሎ ሜትር ጉዳይ አይደለም። ሩቅ ማለት ገደል ነው። ማዶው ቀበሌ ይታያል። ሰው ከዚያ ሲጣራ ይሰማል። እግር ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰኔ ገብቶ ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። መስከረም ላይ ትምህርት ተጀመረ ሲባል ውኃው ገና ስላልጎደለ መምህሩ ማዶ ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ቀበሌ አለ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ። መምህሩ ለምን እንደሚሄድ የሚያስረዳኝ ከስብሰባ ንግግር ይልቅ የወር ሒሳቡ ነው።

ቁጥሩን ለማቅለል አንድ ደሞዙ 10,000 ብር የሆነ መምህር እንውሰድ። የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ እጁ ላይ የሚገባው 7,650 ብር ገደማ ነው። ባለትዳር ነው። ሚስቱና አንድ ልጁ ወረዳው ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ለእነሱ ቤት ኪራይ 2,000 ብር ይከፍላል እንበል። እሱ ቀበሌው ውስጥ ከአንድ ገበሬ ጓዳ ተከራይቷል፤ 500 ብር። እንጀራ መጋገር ስለማይችል አከራዮቹ ጋር በወር ቀለብ ይበላል፤ 2,000 ብር። ቤተሰቡ ጋር ቢሆን ያው ምግብ ምናልባት 1,000 ብር ነበር የሚጨምርበት። በወር ሁለት ጊዜ ወደ ከተማ ይወጣል። በአይሱዙ፣ በሞተር፣ አንዳንዴም በቅሎ ተከራይቶ ለደርሶ መልስ 500 ብር ቢያወጣ በወር 1,000 ብር ነው።

ልብ በሉ፣ ከተማ ውስጥ የሚያስተምረው ጓደኛው እነዚህን አያወጣም። ሁለተኛው ኪራይ 500፣ የተለየው ምግብ 1,000፣ መንገዱ 1,000። ሲደመር 2,500 ብር። ይህ የርቀቱ ዋጋ ነው። ሁለቱም መምህራን አንድ ደረጃ ላይ ናቸው፣ አንድ ደሞዝ ላይ ፈርመዋል። ገደሉ ሥር ያለው ግን ከደሞዙ ሩብ የሚሆነውን በየወሩ ለገደሉ ይገብራል።

በየቀበሌው ኪራዩም መንገዱም ይለያያል፤ አንዱ ጋ ከዚህ ያንሳል፣ ሌላው ጋ ይበዛል። የእናንተን ቁጥር አስገቡበትና ሒሳቡን ሥሩት። ውጤቱ ግን ወደ አንድ ነገር ያመራል። ለሩቅ ቦታ 5 ወይም 10 በመቶ ጭማሪ ስጡ ቢባል መምህሩ አሁንም ከኪሱ እየጨመረ ነው የሚያስተምረው። ጭማሪው የሚሠራው የርቀቱን ዋጋ ሲያልፍ ነው።

ይህን የሞከረች አገር አለች፤ ጋምቢያ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በገጠር ክልሎቿ ከዋናው መንገድ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቁ ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምሩ መምህራን ከመነሻ ደሞዛቸው ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆን አበል መክፈል ጀመረች። አጥኚዎች ከ3 ኪሎ ሜትሩ መስመር በዚህና በዚያ ያሉትን ትምህርት ቤቶች አነጻጸሩ። አበሉ ባለባቸው ትምህርት ቤቶች የሠለጠኑ መምህራን ድርሻ በ10 ፐርሰንቴጅ ነጥብ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ግን በአማካይ አልተለወጠም። ሁለቱንም መያዝ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ሰው ያመጣል። የመጣው ሰው ዓርብ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል ውስጥ መኖር አለመኖሩን ግን ገንዘቡ ብቻውን አይወስንም።

ከጋምቢያው ነገር እኔን የሳበኝ መለኪያው ነው። ከዋናው መንገድ ያለው ርቀት፤ ማንም ሊለካው የሚችል፣ ማንም ሊከራከርበት የማይችል። እኛ ጋ የታወቀው አበል የበረሃ አበል ነው። እሱ የሚያየው ሙቀትን ነው። ሙቀት የራሱ መከራ አለው፤ ወባ አለ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ነገር ግን በሰሜን ሸዋ ርቀትና ሙቀት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። አስፋልት ዳር ያለ ቆላ አለ። ከጓሳ በታችና በላይ ደግሞ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ያለፈ፣ ውርጩ አጥንት የሚሰብር፣ መኪና የማያውቀው አገር አለ። እዚያ የሚያስተምረው መምህር ብርዱም ርቀቱም አለበት። ሙቀት በሚለካ አበል ግን እሱ አይታይም። በረሃ አይደለማ!

ደሞዙን የሚከፍለው ወረዳው ነው። በጀቱ ከክልል በጥቅል ይመጣለታል፤ አብዛኛው ለደሞዝ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሩቅ ትምህርት ቤት ያለበት ወረዳ አበል ከራሱ ልክፈል ቢል ከየት ያመጣል? የርቀት አበል ከተባለ ገንዘቡ ለዚሁ ተብሎ ከላይ ተለይቶ መምጣት አለበት። አለበለዚያ በጣም የሚያስፈልገው ወረዳ ነው መክፈል የሚያቅተው።

ከአበሉ በላይ ግን እኔ ልቤ ያለው ቤቱ ላይ ነው።

ሕዝቡ ለመምህር ቤት መሥራት አልጠላም። ባሕር ዛፍ ያዋጣል፣ ድንጋይ ይለቅማል፣ ጭቃ ያቦካል። በመንዝ ድንጋይ መከመር የታወቀ ሙያ ነው፤ ቤቱ ሲሠራ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። ቆላው ውስጥ የኛ ቀበሌ ሰው ለኛ የሠራልን ቤት ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ነበር። ስድስት ክፍል በአንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር፣ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት። ማድ ቤት የለውም። መጸዳጃው የተማሪዎቹ ነው። ውኃ በጀሪካን ከወንዝ ይመጣል።

በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ሊኖር ይችላል? ላጤ ወንድ። አልጋውን ጥግ ያደርጋል፣ ቡታጋዙን በር ሥር ያስቀምጣል፣ ልብሱን ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ሴት መምህርት ግን ምሽት ለመጸዳዳት ሜዳውን ማቋረጥ አለባት። በሩ በገመድ የሚታሰር ከሆነ ሌሊቱን ዓይኗን አትከድንም። አብራን የተመደበችው መምህርት ሦስት ወር አልቆየችም፤ በዚያ ሁኔታ መቆየትም አልነበረባትም። ባለትዳር ሰው ደግሞ ልጁን ይዞ እዚያ አይገባም። ስለዚህ ቤቱ የተሠራው ሳናስበው ለሚሄድ ሰው ሆነ። ላጤው ሲያገባ ይሄዳላ።

ወደ ሒሳቡ ልመልሳችሁ። ያ ባለ አንድ ክፍል ቤት ለመምህራችን ያተረፈለት 500 ብር ኪራይ ብቻ ነው። አሁን ያንኑ ቤት ሁለት ክፍል ከማድ ቤት ጋር አድርጉት። በሩ በቁልፍ ይዘጋ፣ መጸዳጃው ለብቻ ይሁን። ሚስትና ልጅ መምጣት ይችላሉ። የከተማው 2,000 ብር ኪራይ ቀረ። የቀበሌው 500 ቀረ። የተለየው ምግብ 1,000 ቀረ። የመንገዱም 1,000 አብዛኛው ይቀራል። በወር እስከ 4,500 ብር ማለት ነው። ከጠቅላላ ደሞዙ 45 በመቶ። ጋምቢያ ከከፈለችው ከፍተኛው አበል ይበልጣል።

ስድስቱ ክፍል ሁለት ሁለት ሆኖ ቢገናኝ ሦስት ቤት ይወጣዋል። በግንባታ ጊዜ የሚጨምረው ለማድ ቤቱና ለመጸዳጃው የሚሆን እንጨትና ቆርቆሮ ነው። ስድስት ላጤ የሚያስተኛ ረድፍ ከመሥራት ሦስት ቤተሰብ የሚያኖር ቤት መሥራት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። በቁጥር ያንሳል። ሪፖርት ላይም አያምርም፤ "ስድስት የመምህር ቤት ተሠራ" ማለት ይጥማል። ግን ሦስቱ መምህራን ዓርብ አይሄዱም። የሚሄዱበት ምክንያት የላቸውማ፤ ቤታቸው እዚያው ነው።

እርግጥ ሚስትየዋ ሥራ ካላት ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ከተማ ውስጥ ሱቅ ያላት ሴት ሱቋን ዘግታ አትመጣም። ስለዚህ መልሱ ለሁሉም አይሠራም። በጣም የሚሠራው ባልም ሚስትም መምህር ለሆኑበት ቤት ነው። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ብዙ ናቸው፤ ኮሌጅ ውስጥ የተዋወቁ፣ ወይም ጎን ለጎን ቀበሌ ሲያስተምሩ የተጋቡ። ምደባ ሲወጣ ግን እሱ አንድ ጫፍ፣ እሷ ሌላ ጫፍ ይሆናሉ። ከዚያ "ቤተሰብ ለመሰብሰብ" ብለው የዝውውር ፎርም ይሞላሉ፤ የሚሞሉትም ወደ ከተማ ነው። ሁለቱን ወደ አንድ ሩቅ ትምህርት ቤት ለማምጣት ፈቃደኛ ናችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ቤት አለ፣ አንድ ላይ ትሆናላችሁ፣ ሁለት ደሞዝ አንድ ጣራ ሥር ይገባል ቢባሉ እሺ የሚሉ አውቃለሁ።

ቤቱ ከተሠራ በኋላ የሚመጣው ችግር ጥገና ነው። ሦስተኛው ክረምት ላይ ቆርቆሮው ማፍሰስ ይጀምራል፣ ምስጥ ማገሩን ይበላዋል። የማን ነው? ትምህርት ቤቱ የሚያገኘው የድጎማ ገንዘብ ለመማሪያ ቁሳቁስ ነው፤ ለመምህር ቤት ጣራ ይዋል ቢባል ኦዲተር ይጠይቃል። ሕዝቡ አንዴ አዋጥቷል፣ በየዓመቱ አዋጣ ሲባል ይሰለቻል። መምህሩም የራሱ ስላልሆነ አንድ ሚስማር አይመታም። ከሁሉ የተሻለው ሆኖ ያየሁት ትንሽ ኪራይ ነው። መምህራኑ በወር ጥቂት ብር ይከፍላሉ፣ ገንዘቡ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት እጅ ይቀመጣል፣ ከክረምት በፊት ጣራው ይታያል። ትንሽ ቢሆንም የሚከፈልበት ቤት ተቆጣጣሪ አያጣም።

ሌላው መቆያ ነገር መውጫ ነው። ግር ሊል ይችላል፤ ግን ሰውን ከሚያባርሩት ነገሮች አንዱ መቼ እንደሚወጣ አለማወቁ ነው።

እኛ ስንመደብ አንጋፋዎቹ "እዚህ የገባ አይወጣም" አሉን። ቀልድ መስሎን ነበር። ዝውውር በየዓመቱ አለ። አገልግሎት ይቆጠራል፣ የጋብቻና የጤና ጉዳይ ይታያል፣ ነጥብ ይወጣል። ነጥቡ ሞልቶልህ ስምህ ይለጠፋል። ከዚያ "ተተኪ ካልመጣ አትለቀቅም" ትባላለህ። ተተኪው ደግሞ አይመጣም፤ እሱም ስለ ቦታው ሰምቷል። ስለዚህ በጣም የተቸገረው ትምህርት ቤት መምህሩን አጥብቆ ይይዛል። መምህሩም መያዙን ሲያውቅ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሐኪም ወረቀት ያመጣል። በዘመድ ወደ ወረዳ ቢሮ ይዛወራል። አለዚያ አንድ ሰኞ ሳይመጣ ይቀራል፤ ሌላ ሥራ እንደጀመረ ከወር በኋላ ይሰማል።

ይህን ደንብ የሚያወጡት ሰዎች ክፋት የላቸውም። ክፍሉ ባዶ እንዳይሆን ነው። ግን አዲሱ ተመራቂ የሚያየው የመጀመሪያውን ሰው መታሰር ነው። "አራት ዓመት አገልግል፣ በአምስተኛው ዓመት መስከረም ተተኪ መጣም አልመጣም ትለቀቃለህ፣ ከተማ ስትገባም ያገለገልከው እጥፍ ይቆጠርልሃል" ቢባል ስንቱ በእሺታ ይወርድ ነበር! እስር ቤትን ከውትድርና የሚለየው ቀኑ ነው ይል ነበር አንድ የሥራ ባልደረባዬ። ቀኑን ያወቀ ሰው ይቆጥራል፣ ያቅዳል፣ ያስተምራል። ቀኑን ያላወቀ ሰው ሻንጣውን አይፈታም። እኔ ሁለት ዓመት ሻንጣዬን ሳልፈታ ኖሬአለሁ።

ትምህርትም እንዲሁ ነው። በዲፕሎማ የገባ መምህር ዲግሪውን በክረምት መማር ይፈልጋል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለዚህ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ዕድሉ ሲመጣ በቅድሚያ የሚያገኘው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጅ የሚውለው የከተማ መምህር ነው፤ ማስታወቂያው ገደል ሥር ሲደርስ ቀኑ አልፏል። ይህ ቢስተካከል፣ ለሩቅ ትምህርት ቤቶች የተለየ ኮታ ቢያዝ፣ ሰው በብር የማይገዛ ምክንያት ያገኛል። አንድ እንቅፋት ግን አለ። ዲግሪውን የያዘ መምህር ለሁለተኛ ደረጃ ይበቃል። ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በአብዛኛው ከተማ ነው። ስለዚህ ያስተማርከው ሰው ባስተማርከው ምክንያት ይሄዳል። ከትምህርቱ ጋር የአገልግሎት ዓመት የሚያስገባ ውል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ውሉም መጨረሻ ቀኑ የተጻፈበት ይሁን።

በክልሉ ከተሞች መምህራን በማኅበር ተደራጅተው የቤት መሥሪያ ቦታ ያገኙበት አሠራርም አለ። ለብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን ያላገኙትን ነገር ሰጥቷል፣ መልካም ነው። ግን ቦታው ከተማ ነው። ማኅበሩ ስብሰባ አለው፣ ቁጠባ አለው፣ አጥር ማጠር አለ፣ ቦታህን የሚነካ እንዳይኖር መጠበቅ አለ። ገደል ሥር ያለው መምህር ወይ ያመልጠዋል ወይ እሱን ሲከታተል ክፍል ያመልጠዋል። ለሩቅ ቦታ አገልግሎት ቅድሚያ ነጥብ ሰጥቶ፣ ቦታውንም አገልግሎቱን ሲጨርስ እስኪረከብ በስሙ ማስቀመጥ ይቻላል። ያኔ ያው መሬት መምህሩን ወደ ከተማ ከመሳብ ይልቅ ቀበሌው ላይ ያቆየዋል።

የአካባቢውን ልጅ አስተምሮ መመለስ እንደ መፍትሔ ይነሳል። ይሠራል። እናቱ ቤት የሚያድር መምህር ኪራይም ቀለብም የለበትም፣ ብርዱም ቁንጫውም አዲስ አይሆንበትም። እዚያው ሲያገባ ደግሞ ሥሩ ይጠልቃል። ገደቡ ግን ቁጥሩ ነው። ለዓመታት መምህር ያጣ ትምህርት ቤት የኮሌጅ መግቢያ የሚያመጣ ተማሪ አያወጣም። በተለይ በሒሳብና በሳይንስ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከውጭ በሚመጣ ሰው መሻገር የግድ ነው።

ጸጥታን ሳላነሳ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። በ2014 ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ በዞኑ ሰሜናዊ ክፍል ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፣ ጥቁር ሰሌዳና ወንበር ሳይቀር ጠፍቷል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተዋል። ነፍሱን ለማትረፍ ወደ ደብረ ብርሃን የሸሸውን መምህር በአበል አታመጣውም። እዚህ የጻፍኩት ሁሉ የሚሠራው የተኩስ ድምፅ በማይሰማበት ቀበሌ ነው። ትምህርት ቤቶቹ እንደገና ሲከፈቱ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው መምህሩ የት ያድራል የሚለው ነው። የፈረሰውን ስንሠራ ያንኑ የላጤ ረድፍ መልሰን እንዳንሠራ እፈራለሁ።

ለውጡ መምጣቱን እንዴት እናውቃለን? የሥራ መደቡ መሞላቱን አትዩ። ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ መምህር ስንት አለ ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሁሉም ይቆያል፤ ሥራ ነውና። ሁለተኛው ላይ ያመነታል። ሦስተኛውን የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይከርማል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ከሆኑ ያ ትምህርት ቤት የሰው መተላለፊያ ነው። ቀጥሎ ሒሳብና እንግሊዝኛ ማን እንደሚያስተምር ጠይቁ። የሥነ ዜጋው መምህር ሒሳብ ደርቦ ከያዘ መደቡ ቢሞላም እጥረቱ አለ።

በኛ ትምህርት ቤት አንድ ነገር አየሁ። አንዱ ቀናኢ ርዕሰ መምህር ከስድስቱ ክፍሎች ሁለቱን መሐል ግድግዳቸውን አስፈረሰና አንድ ቤት አደረጋቸው። ከኋላ በኩል በድንጋይ ማድ ቤት አስጨመረ። ወላጆቹ አንድ ቅዳሜ መጥተው መጸዳጃ ቆፈሩ። የበሩን ቁልፍ ከከተማ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዓርብ ከምወጣበት ዳገት ይዤው ወረድኩ። ባልና ሚስት መምህራን ገቡበት፤ እሱ ሒሳብ፣ እሷ አንደኛ ክፍል። እሷ ሁለተኛው ወር ላይ ከጓሮው ጌሾ ስትተክል አየኋት። ጌሾ ደግሞ ዛሬ ተክለህ ነገ የምትቆርጠው ነገር አይደለም።

ሰባት ዓመት ኖሩ። የወጡት የመጀመሪያ ልጃቸው ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ከተማ ሲያስፈልገው ነው። ቁልፉን ለወላጆች ኅብረት ሰብሳቢው አስረክበው ሄዱ። ከዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ሌላ ጥንድ ገብቶበት ነበር። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ከስድስተኛው ክፍለ ጊዜ የማባዛት ሠንጠረዥ ሲደገም በመስኮቱ ይሰማኛል። ጌሾው ጣራውን አልፏል።